ከግድግዳ ያወረድኩት ሰንጠረዥ

ውድ እህቶቼ፣

ባለፈው ወር አንዲት የ18 ዓመት ሯጭ ልምምድ ካበቃ በኋላ ሌሎቹ እስኪሄዱ ጠብቃ ስልኳን አሳየችኝና፣ «ኮች፣ ዛሬ የወር አበባ ዑደቴ 22ኛ ቀን ስለሆነ ፍጥነት አትሥሪ ይለኛል፤ ሰውነቴ ግን ደኅና ነው። የትኛውን ልመን?» ብላ ጠየቀችኝ። ሰውነትሽን እመኚ ብያት ወደ ቤቴ ሄድኩ፤ ሌሊቱን ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ያ ስልክ የሚላትን ነገር ከ12 ዓመት በፊት በካርቶን ላይ ጽፌ ግድግዳ ላይ የለጠፍኩት እኔ ነበርኩ።

በዚያን ጊዜ ሱሉልታ አካባቢ ዘጠኝ ሴት ሯጮችን አሠለጥን ነበር። ከአንድ አጭር የአሰልጣኞች ኮርስ ይዤው የተመለስኩት ሰንጠረዥ የወር አበባን ዑደት 28 ቀን አድርጎ ይከፍለዋል፤ ከ1ኛው እስከ 4ኛው ቀን ቀላል ሩጫ፣ ከ6ኛው እስከ 13ኛው ከባድ ኢንተርቫል፣ ከ20ኛው በኋላ ደግሞ ቅነሳ ያዛል። እኔ ራሴ በምሮጥበት ዘመን ጉዳዩን ለአሰልጣኝ መናገር የማይታሰብ ነበር፤ ሕመሙ ሲበረታብን «ሆዴን አሞኛል» ብለን ከሰልፉ ኋላ እንቀር ነበር እንጂ ምክንያቱን የሚጠይቀንም አልነበረም። ስለዚህ ልጆቼ ቀናቸውን በግልጽ እንዲነግሩኝ ማድረጌ ትልቅ ነገር መስሎኝ ነበር።

ከዘጠኙ መካከል ከአርሲ የመጣች የ19 ዓመት የ5,000 ሜትር ሯጭ ነበረች። ሌሎቹ አንዷ በ25 ቀን፣ ሌላዋ በ33 ቀን ሲመጣባቸው ሰንጠረዡን እያበላሹ ሲያስቸግሩኝ፣ የእርሷ ብቻ በየ28 ቀኑ ሳይዛነፍ ይመጣ ነበር። እኔም ሥርዓት ያላት ልጅ ናት ብዬ አመሰግናት ነበር። ክብደቷ ሲቀንስና ሰዓቷ ሲሻሻልም አመሰገንኳት። የዐቢይ ጾም ሲገባ ጠዋት በ12 ሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ሮጣ እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ምግብ ሳትቀምስ ትውል እንደነበር አውቃለሁ፤ እኔም ጿሚ ስለሆንኩ ጽናቷን እንጂ ጉድለቷን አላየሁም።

ከጾሙ በኋላ የቅልጥሟን አጥንት ማመም ጀመራት። መጀመሪያ ሕመሙ በሩጫው መጨረሻ ላይ ብቻ ነበር፤ ቀጥሎ ከመጀመሪያው ኪሎ ሜትር አንሥቶ፣ በመጨረሻም ሌሊት አልጋ ላይ ሆነ። በጣት ሲጫኑት የሚያመው አንድ ቦታ ብቻ ነበር፤ በአንድ እግሯ እንድትዘል ስጠይቃትም አልቻለችም። የመጀመሪያው ራጅ ምንም አላሳየም፤ ከሳምንታት በኋላ የተነሣው ግን ሐኪሞች ስትረስ ፍራክቸር የሚሉትን የአጥንት ስንጥቅ አሳየ። ሐኪሟ የመጨረሻ የወር አበባዋ መቼ እንደነበር ሲጠይቃት አቀርቅራ፣ «ዐሥር ወር ሆኖኛል» አለች። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ ነበር። ሰንጠረዡ ቀን ስለሚጠይቃት፣ ቀን ከሌላትም ከባድ ልምምድ የምከለክላት ስለመሰላት፣ ከኮርሱ ወረቀት ላይ 28ን እየቆጠረች ትነግረኝ ኖሯል። ያን ዓመት ሙሉ አልሮጠችም፤ ከዚያ በኋላም ወደ ቀድሞ ሰዓቷ አልተመለሰችም። አሁን በትውልድ ከተማዋ ሱቅ አላት፤ ለበዓል ትደውልልኛለች፤ ስለዚያ ዓመት ግን ተነጋግረን አናውቅም።

ካርቶኑን ያወረድኩት ከሐኪም ቤት በተመለስንበት ቀን ነው። ስህተቱ የት እንደነበር የተረዳሁት ግን ቆይቼ ነው። ከአንዱ የወር አበባ የመጀመሪያ ቀን እስከ ቀጣዩ ያለው ጊዜ በጤነኛ ሴት ከ21 እስከ 35 ቀን ሊለያይ ይችላል። በአብዛኛው የሚረዝመውና የሚያጥረው እንቁላል ከመውጣቱ በፊት ያለው ክፍል ነው፤ ዑደቷ 34 ቀን የሆነ ሴት እንቁላሏ የሚወጣው በ14ኛው ቀን ሳይሆን በ20ኛው ቀን አካባቢ ነው። ሰንጠረዤ «ቀንሺ» የሚላት ገና እዚያ ስትደርስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ የመዘነ አንድ ሥራ ደግሞ፣ ደም በሚፈስባቸው የመጀመሪያ ቀናት አቅም በአማካይ ዝቅ ቢልም ልዩነቱ እጅግ ጥቂት መሆኑን፣ ለሁሉም የሚሆን መመሪያ ማውጣትም እንደማይቻል አሳይቷል። ፓውላ ራድክሊፍ እ.ኤ.አ. በ2002 ቺካጎ ላይ በ2 ሰዓት ከ17 ደቂቃ ከ18 ሰከንድ የዓለምን የማራቶን ክብረ ወሰን ስትሰብር የወር አበባ ሕመም ላይ እንደነበረች ራሷ ተናግራለች። ይህን የጻፍኩት እናንተም ሕመሙን ችላችሁ ሩጡ ለማለት ሳይሆን፣ ቀኑ ብቻውን ስለ አቅማችሁ እንደማይናገር ለማሳየት ነው።

አሁን የማደርገው እንዲህ ነው። እያንዳንዷ ሯጭ በደብተሯ ላይ ደም የጀመረበትን ቀን፣ የእንቅልፏን ሁኔታ፣ ሕመሟን ከ0 እስከ 10፣ እንዲሁም ከማሟሟቂያ በኋላ እግሯ ምን እንደተሰማው ትጽፋለች፤ ሦስት ዑደት እስኪሞላም ምንም አንቀይርም። ባለፈው ዓመት ከልጆቼ አንዷ ማክሰኞ ማክሰኞ 1,000 ሜትር 8 ጊዜ ትሠራ ነበር። የሦስት ወር ደብተሯ ሲገለጥ እግሯ እንደ እርሳስ የሚከብዳትና እንቅልፍ የሚያጣት ደም ከመምጣቱ በፊት ባለው አንድ ቀን ሆኖ ተገኘ፤ በሁለተኛው የደም ቀን ደግሞ ከወሩ ሁሉ የተሻለ ትሮጣለች። የድሮው ሰንጠረዥ በዚያ ቀን ቀላል ሩጫ ያዝላት ነበር። እኛ ግን ማክሰኞ ከዚያ ክፉ ቀን ጋር ሲገጥም ሥራውን ወደ ሐሙስ ከማዞር በቀር የቀየርነው ነገር የለም።

ሥራውን ማዞር በማይቻልበት ሳምንት 20 ደቂቃ ታሟሙቅና ከስምንቱ ዙር የመጀመሪያዎቹን ሁለት ትሮጣለች። ቁርጠቱ ከለቀቃት ስምንቱንም ትጨርሳለች። ሁለተኛው ዙር ከተለመደው ሰዓቷ 5 ሰከንድ ከዘገየ ወይም ሕመሙ አረማመዷን ከቀየረው፣ ፍጥነቱን ሳንነካ አምስት ላይ እናቆማለን፤ እረፍቱንም ከ90 ሰከንድ ወደ 2 ደቂቃ እናደርሰዋለን። ራስ ማዞርና ማስመለስ ካለ ወደ ቤት ትሄዳለች። 5 ሰከንድ የእኔ ልምድ እንጂ ሕግ አይደለም፤ የእናንተ መለኪያ ከደብተራችሁ ይወጣል። ሞዴስ በየአንድና ሁለት ሰዓቱ የምትቀይር ወይም ደሟ ከ7 ቀን የሚያልፍ ልጅ ግን ጉዳይዋ የልምምድ ማስተካከያ አይደለም፤ የደም ብረቷን በላቦራቶሪ ታስመርምር፤ የብረት ኪኒንም ሳይለካ አትውሰድ።

ሕግ አላወጣም ብያለሁ፤ አንድ ግን አወጣለሁ። የወር አበባዋ ሦስት ወር የቀረ ልጅ፣ እርግዝና አለመሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ፣ ሐኪም ሳያያት ኢንተርቫል አላሠራትም፤ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ የምትበላው ከምትሮጠው ማነሱ ነው፤ አጥንቷም የሚሳሳው በዚህ ነው። በየሦስት ወሩ የወሊድ መከላከያ መርፌ የምትወስድ ከሆነ ደሙ በመድኃኒቱ ሊቀር ስለሚችል ይህን ምልክት ከእርሷ መጠበቅ አይቻልም፤ ስለ አመጋገቧና ስለ ክብደቷ በቀጥታ እጠይቃለሁ። በጾም ወቅትም የንስሐ አባታችሁን አማክሩ፤ ከሩጫ በኋላ ሳይበላ የሚዋልበትን ሰዓት የምታሳጥሩበት መንገድ አይጠፋም።

የዛሬ ልጆች ከእኛ ይልቅ በግልጽ ትናገራላችሁ፤ ይህ ደስ ያሰኘኛል። ያሳሰበኝ ግን ለስልካችሁ የነገራችሁትን ለአሰልጣኛችሁ አለመንገራችሁ ነው። ያቺን የ18 ዓመት ልጅ በማግስቱ አስጠርቼ፣ ሌሊቱን ሳስብበት ያደርኩትንና ሳልጠይቃት የቀረሁትን ጠየቅኳት፤ 22ኛ ቀን የሚለውን የቆጠረው ማን ነው? «የመጨረሻውን ቀን ከረሳሁት ቆይቷል፤ ከዚያ ወዲህ የሚቆጥረው ስልኩ ራሱ ነው» አለችኝ። ሰኞ ከሐኪም ጋር ቀጠሮ አላት፤ እኔም አብሬያት እሄዳለሁ።