ሜትፎርሚን እና የደከመ ኩላሊት፦ በእናቴ የደረሰው

ከአንባቢ የደረሰኝ ጥያቄ፦ «እናቴ 66 ዓመቷ ነው። ለስኳሯ ሜትፎርሚን ከጀመረች ወር ሆናት፤ ሆዷን እየረበሸ ያስቀምጣታል። ኩላሊቷም ትንሽ ደክሟል ተብላለች። ጎንደር ነን። ታቁመው ወይስ ትቀጥል?»

1. የሆዱን ነገር በቅድሚያ። የእኔም እናት በጾም ወቅት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስለማትቀምስ የጠዋቱን ክኒን በባዶ ሆዷ ትውጥ ነበርና ማቅለሽለሹና ተቅማጡ የጠናባት በዚሁ ነው። መድኃኒቱ ከምግብ ጋር፣ በ500 ሚሊ ግራም ተጀምሮ በየሳምንቱ ቀስ እያለ ሲጨመር ሆድ ይለምደዋል፤ ካልለመደው ቀስ ብሎ የሚሟሟውን ዓይነት ሐኪሙን ይጠይቁ።

2. ከደም ምርመራ፣ ኩላሊት ሲደክም በደም ውስጥ ከፍ የሚለውን የክሬቲኒን ቁጥር ብቻ ይዘው አይመለሱ፤ ከዕድሜና ከጾታ ጋር ተሰልቶ ኩላሊት የሚያጣራበትን መጠን የሚያሳየውን eGFR ያስሉ። የእናቴ ክሬቲኒን 1.3 ነበር። በዚህ ክሬቲኒን የ70 ዓመት ወንድ eGFR 59 ገደማ ሲሆን፣ የ70 ዓመቷ እናቴ ግን 44 ነው። እንዲያሰሉልኝ ስጠይቅ ባለሙያው ቀና ሳይል «ደህና ነው ተብሏል፤ አንቺ ሐኪም ነሽ?» አለኝ። ማታ ቤቴ ተቀምጬ በስልኬ ያሰላሁት እኔው ነኝ፤ ውጤቱን የሚያየው ሐኪም ግን ሳላገኝ ቀናት አለፉ።

ሦስተኛውን ምክር ልጽፍ ነበር፤ ነገር ግን ያው የዚያ ሳምንት ታሪክ ነው። እናቴ በቀን 2000 ሚሊ ግራም ሜትፎርሚን፣ ለደም ግፊቷም ኢናላፕሪል ትወስዳለች። ጉልበቷን ሲያማት ከአንድ መድኃኒት ቤት ዳይክሎፌናክ ገዛንላት፤ ሻጩ ስለ ኩላሊቷ አንድ ቃል አልጠየቀም። በማግስቱ ተቅማጥና ትውከት ያዛት፤ እኛም ስኳሯ እንዳይወጣ ብለን ክኒኑን አላቋረጥንም። ትልቁ ስሕተታችን ይህ ነው። ውኃ ያጣ ሰውነት፣ ዳይክሎፌናክና ኢናላፕሪል ተደራርበው ኩላሊቷን አዳከሙት፤ ሜትፎርሚን ደግሞ የሚወጣው በኩላሊት ብቻ ስለሆነ በደሟ ተጠራቀመ። በሦስተኛው ቀን እንቅልፍ እንቅልፍ እያላት በፍጥነትና በረጅሙ ትተነፍስ ጀመር። ሆስፒታል ስናደርሳት ክሬቲኒኗ 2.4 ደርሶ፣ ላክቲክ አሲድ በደሟ ተከማችቶ ተገኘ። ይህ እምብዛም የማይደርስ ቢሆንም ሲደርስ ይገድላል።

ስለዚህ እናትዎ ማስመለስ ወይም ብርቱ ተቅማጥ ከያዛቸውና መብላትና መጠጣት ካቃታቸው፣ ሜትፎርሚኑን ለጊዜው ያቁሙና በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ይውሰዷቸው። በደም ሥር ቀለም ተሰጥቶ ሲቲ ስካን የሚነሡ ከሆነም ኩላሊታቸው የደከመ መሆኑን አስቀድመው ይናገሩ፤ መድኃኒቱ ቆሞ ከ48 ሰዓት በኋላ ኩላሊቱ ተመርምሮ ነው የሚመለሰው።

ወደ ጥያቄዎ ስመለስ፣ መልሱ ያለው በዚያ eGFR ላይ ነው። ከ30 በታች ከሆነ ሜትፎርሚን አይወሰድም። ከ30 እስከ 45 ከሆነ አዲስ ማስጀመር አይመከርም፤ እናትዎ ገና ወራቸው ስለሆነ ይህን ለሐኪሙ በግልጽ ያንሡለት። ቀድሞ ሲወስድ የቆየ ሰው ግን መጠኑ ተቀንሶ ሊቀጥል ይችላል። እናቴ ካገገመች በኋላ ኩላሊቷ ወደ 44 ስለተመለሰ ሐኪሙ ግማሹን፣ ማለትም ጠዋትና ማታ 500 ሚሊ ግራም አዘዘላት፤ በየሦስት ወሩም ትመረመራለች። በሜትፎርሚን ምትክ ግሊቤንክላሚድ እንስጣት ያለ ዘመድ ነበረን፤ እሱም በደከመ ኩላሊት ስኳርን ለረጅም ሰዓት አውርዶ ሊጥል ስለሚችል እንቢ ብያለሁ።