ላሚቷን የጎዳት የድብልቁ መብዛት ብቻ አይደለም

«አዘዞ ነኝ። ዲቃላ ላሜ ከወለደች 10 ቀኗ ነው። የእህልና የፉርሽካ ድብልቁን በቀን ከ2 ኪሎ በአንዴ ወደ 8 አሳደግሁት። እበቷ ቀጠነ፣ ወተቷም ቀነሰ።»

ወንድሜ፣ ችግሩ ያለው «በአንዴ» የምትለዋ ላይ ነው። እህልና ፉርሽካ ትልቁ ጨጓራ ውስጥ ቶሎ ይቦካና አሲድ ይፈጥራል። አሲዱን የሚያበርደው ስታመሰኳ የምትውጠው ምራቅ ነው። የሚያስመሰኳት ደግሞ ድርቆሽና ጭድ ነው። በ8 ኪሎ ድብልቅ ከጠገበች ለድርቆሽ ቦታ አይተርፍም።

ከዛሬ ጀምሮ ድብልቁን ወደ 3 ኪሎ አውርደው። ጥሩ ድርቆሽ ቀኑን ሙሉ ፊቷ ይኑር። የጤፍ ጭድ ብቻውን አይበቃትም። ጠዋት መጀመሪያ ድርቆሽ፣ ከዚያ ድብልቅ። በባዶ ሆዷ ዱቄት እንዳትሰጣት። ድብልቁን ለሦስት ከፍለህ አቅርብ።

እበቷ ሲጠጥርና ተኝታ ስታመሰኳ ካየህ፣ በየ3 ቀኑ ግማሽ ኪሎ ጨምር። 400 ኪሎ ለምትመዝን ላም እኔ ከ6 ኪሎ አላልፍም። ከዚያ በላይ ድብልቁ ከደረቅ መኖዋ ግማሽ ያልፋል። እበቱ አረፋ ይዞ እንደገና ከቀጠነ፣ አንድ እርምጃ ተመለስ። የበቆሎ ዱቄት ከፉርሽካ ይበልጥ ስለሚያሰጋ አታብዛው።

መብላት ጨርሳ ካቆመች ወይም መነሳት ካቃታት ግን አትጠብቅ፤ ዛሬውኑ የእንስሳት ሐኪም ጥራ።