አንድ ዓይነት የፒክ አሰነጣጠቅ ያላቸው ሁለት ኤስተሮች እንዴት ይለያሉ?

ጥያቄ፦ «ቀመሩ C4H8O2 የሆነ ያልታወቀ ፈሳሽ ተሰጥቶኝ ነበር። በኢንፍራሬድ 1742 ሴ.ሜ⁻¹ ላይ ጠንካራ ፒክ አለው። በ400 ሜጋኸርዝ መሣሪያ በCDCl3 ውስጥ ያነሣሁት ፕሮቶን ኤንኤምአር 1.14 ላይ ትሪፕሌት፣ 2.32 ላይ ኳርቴት፣ 3.67 ላይ ሲንግሌት አሳየኝ፤ ኢንቴግሬሽናቸውም በቅደም ተከተል 1.50፣ 1.00 እና 1.48 ነው። ኤቲል አሲቴት ነው ብዬ መለስኩ፤ መምህሬ ግን አይደለም አሉኝ። የት ላይ ነው የሳትኩት?»

መልስ፦ መምህርዎ ልክ ናቸው፤ ናሙናው ሜቲል ፕሮፓኖኤት ነው። የፒኮቹን አሰነጣጠቅና ኢንቴግሬሽን በትክክል አንብበዋል፤ ነገር ግን እነዚህ ሁለቱ ብቻቸውን ሁለቱን ኤስተሮች ሊለዩ አይችሉም፤ ምክንያቱም ሁለቱም አንድ ኤቲል ቡድንና ለብቻው የቆመ አንድ ሜቲል አላቸው።

ከኢንፍራሬዱ እንነሣ። ቀመሩ አንድ ድርብ ትስስር ወይም አንድ ቀለበት ብቻ ይፈቅዳል፤ የ1742 ፒክ ካርቦኒል መኖሩን ስለሚያረጋግጥ ያ አንድ ቦታ በእርሱ ተይዟል፤ ስለዚህ ቀለበትም ሌላ ድርብ ትስስርም መፈለግ አያስፈልግም። ተራ ኬቶን ቢሆን ፒኩ ወደ 1715 ዝቅ ባለ ነበር። ቡታኖይክ አሲድ ቢሆን ደግሞ ከ2500 እስከ 3300 ድረስ የተዘረጋ ሰፊ ፒክ መታየት ነበረበት። በእርስዎ ሥዕል ላይ ይህ ከሌለ የቀረው ኤስተር ነው።

ኢንቴግሬሽኑ የሚሰጠው ንጽጽርን እንጂ የሃይድሮጅን ቁጥርን አይደለም። ቁጥሮችዎን በ2 ብናባዛቸው 3.00፣ 2.00 እና 2.96 ይሆናሉ፤ ድምራቸው በቀመሩ ውስጥ ካሉት 8 ሃይድሮጅኖች ጋር ይገጥማል። እንደ 2.96 ያለ ጥቂት መጉደል የተለመደ ነው፤ ልዩነቱ ከዚህ በጣም ከሰፋ ግን በሁለት ምቶች መካከል የሚሰጠው የመቆያ ጊዜ አጥሮ እንደሆነ ያረጋግጡ።

አሁን ወደ ኳርቴቱ እንምጣ። አራት መስመሮቹ 1፡3፡3፡1 መሆናቸው ሁለቱ ሃይድሮጅኖች ሦስት ጎረቤቶች እንዳሏቸው፣ ትሪፕሌቱ 1፡2፡1 መሆኑ ደግሞ ሜቲሉ ሁለት ጎረቤቶች እንዳሉት ይናገራል። ሁለቱ በእርግጥ እርስ በርስ የሚሰነጣጠቁ መሆናቸውን ለማወቅ በመስመሮቹ መካከል ያለውን ርቀት ይለኩ፤ በኳርቴቱ ላይ 0.019 ፒፒኤም ካገኙ በ400 ሲባዛ 7.6 ኸርዝ ይሆናል፤ ትሪፕሌቱም ይህንኑ ርቀት ማሳየት አለበት። ናሙናው ሲቀጥን የኳርቴቱ ሁለት የዳር መስመሮች በጫጫታው ውስጥ ጠፍተው ደብሌት ሊመስሉ ስለሚችሉ ሥዕሉን አጉልተው ማየቱ ይጠቅማል።

እስከዚህ ድረስ CH3CH2– እና ጎረቤት የሌለው CH3– አግኝተናል፤ በመካከላቸው የሚገባው የኤስተሩ ቡድን ነው። ጥያቄው ኦክስጅኑ ወደ የትኛው ወገን ዞሯል የሚለው ብቻ ነው፤ ይህን የሚመልሰው የፒኮቹ ቦታ ነው። ኦክስጅን ኤሌክትሮን ወደ ራሱ ስለሚስብ በቀጥታ ከእርሱ ጋር በተያያዘ ካርቦን ላይ ያሉ ሃይድሮጅኖች ከለላቸው ይቀንሳል፤ ፒካቸውም ወደ 4 ፒፒኤም አካባቢ ይሄዳል። ከካርቦኒል ጎን ባለ ካርቦን ላይ ያሉት ግን ከ2 እስከ 2.5 ባለው ክልል ይቀራሉ። በኤቲል አሲቴት CH2 የተያያዘው ከኦክስጅን ጋር ስለሆነ ኳርቴቱ 4.12 ላይ፣ ሲንግሌቱ 2.04 ላይ፣ ትሪፕሌቱ 1.26 ላይ ይወጣል። በእርስዎ ናሙና ይህ ተገልብጧል፤ ኳርቴቱ 2.32 ላይ በመቆሙ CH2 ከካርቦኒሉ ጎን ነው፤ ሲንግሌቱ 3.67 ላይ በመቆሙ ሜቲሉ ከኦክስጅን ጋር ነው። መዋቅሩ CH3CH2COOCH3 ነው።

ኢንፍራሬዱም ተጨማሪ ምስክር ይሰጣል። አሲቴቶች 1240 አካባቢ ጠንካራ የካርቦንና ኦክስጅን ፒክ ሲኖራቸው ፕሮፓኖኤቶች ወደ 1190 አካባቢ ዝቅ ይላሉ፤ ያንን ክፍል እንደገና ይመልከቱት። የመፍያ ሙቀትን ግን እንደ ዋና ማስረጃ አይያዙ፤ ኤቲል አሲቴት በ77፣ ሜቲል ፕሮፓኖኤት በ80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለሚፈሉ በተራ ቴርሞሜትር ልዩነቱን ማመን ያስቸግራል።

አንድ ነገር ያስተውሉ፤ ኤቲል አሲቴት በየቤተ ሙከራው የሚሠራበት ሟሚ በመሆኑ በ4.12፣ 2.04 እና 1.26 ላይ ትናንሽ ፒኮች ካዩ የናሙናው ሳይሆኑ የቀረ ሟሚ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ኢንቴግሬሽናቸው ከዋናዎቹ ፒኮች ጋር በሙሉ ቁጥር ካልተመጣጠነ ከቆጠራው ያውጧቸው። በ7.26 የሚታየው የክሎሮፎርሙ፣ በ1.56 አካባቢ የሚታየው ደግሞ የውኃ ነው። አሁንም ጥርጣሬ ካለዎት በዚያው ቱቦ ውስጥ ጥቂት ንጹሕ ኤቲል አሲቴት ጨምረው ድጋሚ ያንሡት፤ አዲስ ኳርቴት 4.12 ላይ ሲወጣና የ2.32ቱ በቦታው ሲቀር ሁለቱ የተለያዩ ቁሶች መሆናቸው በአንድ ሥዕል ላይ ይታያል።