የኦቾሎኒ ዱቄት ለኬክ፦ ዘይት እንዳያወጣ ምን እናድርግ?

«ኦቾሎኒ ቆልቼ በብሌንደር ፈጨሁ። መጀመሪያ ዱቄት ሆኖልኝ ነበር፤ ትንሽ ሳቆየው ጭቃ ሆነ። ኬኩም ከስሩ ዘይት ያዘ። ምኑ ጋ ነው ያጠፋሁት?» (ከፒያሳ)

ሳይቀዘቅዝ ፈጭተሽው ይመስለኛል። ከኦቾሎኒ ክብደት ግማሽ ያህሉ ዘይት ነው። ዘይቱ በፍሬው ውስጥ በጥቃቅኑ ተይዞ ይቀመጣል፤ ምላጩ ሲቆራርጠው ይወጣል። ከሞቀ ደግሞ ይቀጥንና ዱቄቱን ያጣብቀዋል። ያልቀዘቀዘ ቆሎ ብቻ ሳይሆን ሳያቋርጥ የሚዞር ምላጭም ያሞቀዋል።

ኬክሽ 200 ግራም ፉርኖ ዱቄት የሚጠይቅ ከሆነ 150 ግራም ፉርኖ አድርጊና 50 ግራሙን በኦቾሎኒ ዱቄት ተኪ። ኦቾሎኒ ግሉተን የለውም፤ ከዚህ ብዙ ካለፍሽ ኬኩ ይፈረፈርብሻል። ገለባውና ወንፊት ላይ የሚቀረው ስለሚቀንስ 70 ግራም ጥሬ ያዢ። ትሪ ላይ ሳይደራረብ በትኚውና በ160 ዲግሪ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ቁዪው፤ መሃል ላይ አገላብጪው። አንዱን ፍሬ ለሁለት ሰንጥቀሽ እዪ። ውስጡ ፈዘዝ ያለ ወርቃማ ከሆነ ይበቃዋል፣ ከኦቭን ከወጣም በኋላ በራሱ ሙቀት ትንሽ ይበስላል። ገለባውን ፈትገሽ በሰፌድ አበጥሪው።

አሁን አትቸኩዪ። ሙሉ በሙሉ እስኪቀዘቅዝ ጠብቂ፤ ከዚያ እርጥበት እንዳይገባው በክዳን ዕቃ አድርገሽ ለ30 ደቂቃ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጪው። ለዚህ መጠን ትልቁ ብሌንደር አይመችም፣ ትንሹ ቅመም መፍጫ ይሻላል። ከኬኩ ስኳር ላይ ሁለት ማንኪያ ቀንሰሽ አብረሽ ፍጪው፤ ስኳሩ በፍሬው መሃል እየገባ እንዳይያያዝ ያደርገዋል። ለሁለት ሰከንድ ያህል አስነሺ፣ አቁሚ፣ መፍጫውን ነቅነቅ አድርጊ፣ ድገሚ። ዱቄቱ ከምላጩ ስር መጋገር ከጀመረ እዚያው ላይ አቁሚ። ጭብጥ አድርገሽ ስትለቂው የሚበተን ከሆነ ደህና ነው። ስትነፊው ወንፊቱን ነካ ነካ ብቻ አድርጊ፤ በማንኪያ ከተጫንሽው እሱም ዘይት ያወጣል። ላዩ ላይ የቀረውን ሻካራ ነገር አቀዝቅዘሽ መልሰሽ ፍጪው።

«ኦቭን የለኝም። በምጣድ ልቁላው ወይስ መንገድ ላይ ተቆልቶ የሚሸጠውን ልግዛ?» (ከአራት ኪሎ)

ምጣድ ይሆናል። እሳቱን ዝቅ አድርገህ ሳታቋርጥ አማስለው። እሳቱ ከበረታ ውጪው ይጠቁርና ውስጡ ጥሬ ይቀራል።

የተቆላውን ለኬክ አልመክርህም። ብዙ ጊዜ ጨው አለበት፤ መቼ እንደተቆላም አታውቅም። የቆየ ኦቾሎኒ ቀለም ቀለም ይሸታል፣ ኬክ ውስጥ ሲገባ ደግሞ ያ ሽታ ይብስበታል። ጥሬውን ግዛና እንደ ምስር ልቀመው። የሻገተውን፣ የተጨማደደውን፣ መልኩ የተለወጠውን ጣል። ሻጋታው አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ሊያመነጭ ይችላል፤ መቁላት ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም። አንዴ ዱቄት ከሆነ ደግሞ መጥፎውን ከደህናው መለየት አይቻልም። እባክህ ይህችን ነገር አትለፋት።

«ሙቀጫ ወይም ወፍጮ ቤት አይሆንም?» (ከካዛንቺስ)

ለዱቄት ሁለቱም አይሆኑም። ሙቀጫ ፍሬውን ስለሚጨፈልቀው ዘይቱን ያወጣዋል። ወፍጮ ቤት ደግሞ ድንጋዩ ይሞቃል፣ ከፊትሽ የተፈጨው በርበሬም ሽታውን ይተውልሻል።

«ለኬክ ክሬም የሚሆን የኦቾሎኒ ቅቤ ስሠራ አልላላ ብሎኝ ውሃ ጠብ ባደርግበት ይባስ ደረቀ። ምን ይሻለኛል?» (እናት፣ ከአራዳ)

እማማ፣ ውሃውን ይተዉት። ትንሽ ውሃ ስታገኘው የኦቾሎኒው ደረቅ ክፍል ይመጠውና እርስ በርሱ ይያያዛል። ለቅቤ የሚያስፈልገው ዱቄት ስንሠራ የሸሸነው ሙቀት ነው። ከ250 እስከ 300 ግራም ቆልተው፣ ገለባውን አንስተው፣ ለብ እንዳለ መፍጫው ውስጥ ያድርጉት። መጀመሪያ ዱቄት ይሆናል፤ ቀጥሎ እንደ ሊጥ ይድበለበላል። ብዙ ሰው ተበላሸ ብሎ የሚያቆመው እዚህ ላይ ነው። እርስዎ ግን ጠርዙን በማንኪያ እየጠረጉ ይቀጥሉ። ሞተሩ ከጋለ ያሳርፉት። እንደ ማሽኑ ጉልበት ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ላላ ብሎ መፍሰስ ይጀምራል። አሁንም እምቢ ካለ አንድ የሻይ ማንኪያ ሽታ የሌለው ዘይት ይበቃዋል።

ሲቀመጥ ዘይቱ ከላይ ቢንሳፈፍ አያስቡ፤ ከመለካትዎ በፊት ግን በደንብ ያማስሉት። ከላይ ከላይ ከቀዱ ለኬኩ የደረሰው ዘይቱ ብቻ ነው። ዱቄት ሊሆን ታስቦ ጭቃ የሆነውም በዚሁ መንገድ ቅቤ ይሆናል። ኬክ ውስጥ ሲያስገቡት ለ100 ግራም የኦቾሎኒ ቅቤ ከኬኩ ቅቤ ላይ 50 ግራም ያህል ይቀንሱ።