የእንቅርት ኪኒን፣ ካልሲየምና የጠዋት ቡና

ጥያቄ፦ «ሰላም ቤተሰብ። እናቴ እንቅርቷን ቀዶ ጥገና ካደረገች በኋላ ሊቮታይሮክሲን 100 እና ካልሲየም ታዘዙላት። ሁለቱንም ጠዋት ከቡና ጋር ነው የምትውጠው። ትናንት ረስታ ዛሬ ሁለት ልዋጥ ትላለች። ካርቶኑ ውስጥ ያለውን ወረቀት ባነበው ግራ ገባኝ። የምታውቁ እባካችሁ?»

እህቴ፣ መጀመሪያ አስቸኳዩን። ዛሬ ሊቮታይሮክሲኑን ሁለት እንዳይውጡ። የተለመደችውን አንዷን ብቻ ይውሰዱ፣ የትናንቷ ትቅር። ይህ መድኃኒት የእንቅርትን ሆርሞን የሚተካ ነው፤ ከሰውነት ቶሎ አይወጣም፤ በደም ውስጥ ያለው ወደ ግማሽ ለመውረድ አንድ ሳምንት ያህል ይፈጅበታል። ስለዚህ አንድ ቀን መዝለል ብዙም አያጎድልም። መደረብ ግን በተለይ በዕድሜ ለገፉና የልብ ችግር ላለባቸው ሰዎች የልብ ምት ሊያፈጥን ይችላል። ወደፊት ጠዋት ረስተው በዚያው ቀን ካስታወሱ ይውሰዱ፤ በልተው ከሆነ ሦስት አራት ሰዓት ይቆዩና ሆዳቸው ባዶ ሲሆን ይዋጡ። ተከታታይ ቀናት ካመለጣቸው ግን ሐኪማቸው ይወቅ።

ፋርማሲ ውስጥ ነው የምሠራው። እናትሽን የመሰሉ ታካሚዎች በየጊዜው ይመጣሉ። ያንን ረጅም ወረቀት ከላይ እስከ ታች ማንበብ ያደክማል። ለእናትሽ ቁልፉ ከሌሎች መድኃኒቶችና ከምግብ ጋር ስላለው ግንኙነት የሚያወራው ክፍል ነው። እዚያ ካልሲየም፣ የደም ማነስ አይረን እና የጨጓራ ማስታገሻ ተጠቅሰው ታገኛለሽ። እነዚህ ሆድ ውስጥ ሊቮታይሮክሲኑን ይይዙትና ወደ ደም እንዳይገባ ያደርጉታል። ወረቀቱ ቢያንስ በ4 ሰዓት ይለያዩ ይላል። ቡናም ወደ ደም የሚገባውን መጠን ይቀንሳል።

አንዲት እናት ልክ እንደ እናትሽ ኪኒኑንና ካልሲየሙን አንድ ላይ ይውጡ ነበር። ቀን አላጓደሉም፤ ግን ድካሙ፣ ብርዱና የሆድ ድርቀቱ አልለቃቸውም። ቲኤስኤች የሚባለው የደም ምርመራም ከፍ እንዳለ ነበር። ይህ ቁጥር ከፍ ሲል ሰውነት ሆርሞኑ አነሰኝ እያለ ነው። መጠን ሊጨመርላቸው ሲል እንዴት እንደሚወስዱ ጠየቅናቸው። ጊዜውን ለያየንላቸውና በሚቀጥለው ምርመራ ቁጥሩ ወረደ። ኪኒኑ ያው ነበር።

ለእናትሽ እንዲህ ቢሆን ጥሩ ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ሲነሱ ሊቮታይሮክሲኑን በአንድ ብርጭቆ ውኃ ብቻ። ቁርስና ቡና 1 ሰዓት ላይ። ካልሲየሙ ከምሳ ጋር፤ በቀን ሁለቴ ከታዘዘ ሁለተኛው ከእራት ጋር።

ግን አንድ ነገር አደራ። ካልሲየሙን አብረው እየወሰዱ ባለበት ጊዜ የሊቮታይሮክሲኑ መጠን ተጨምሮላቸው ከሆነ፣ አሁን ሲለያይ ያ መጠን ሊበዛባቸው ይችላል። ልብ ቶሎ ቶሎ መምታት፣ የእጅ መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ እንቅልፍ ማጣት ምልክቶቹ ናቸው። ስለዚህ ሰዓቱን እንደምትቀይሩ ለሐኪማቸው ንገሩት፤ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ቲኤስኤች ያሠራላቸዋል። ካልሲየሙንም በራሳችሁ እንዳታቆሙ። ከእንቅርት ቀዶ ጥገና በኋላ የደም ካልሲየም ሊወርድ ይችላል፤ ከንፈር ወይም ጣት መደንዘዝ ከጀመረ፣ እጅ እግር ከተኮማተረ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ይሂዱ።

ስለ መጠኑ፣ 100 የተባለው ማይክሮግራም ነው። አንዳንድ ካርቶን ላይ 0.1 ሚሊግራም ተብሎ ይጻፋል፤ ሁለቱ አንድ ናቸው። መድኃኒት ጠፍቶ ባለ 50 ከተሰጣችሁ ግን ቀኑን የሚሞላው ሁለት ፍሬ ነው። በየወሩ ስትቀበሉ የማዘዣውን ቁጥር ከካርቶኑ ጋር አስተያዩ። ልዩነት ካለ ከመስኮቱ ሳትርቂ ጠይቂ።

አቀማመጡ ቀላል ነው። ከ25 ዲግሪ በታች፣ ከብርሃንና ከእርጥበት ርቆ። ፍሪጅ አያስፈልገውም፤ ከምድጃ በላይ ያለ መደርደሪያና መታጠቢያ ቤት ግን አይሆኑም። ኪኒኖቹን ፈልፍሎ በፖስታ ወይም በብልቃጥ ማጠራቀምም ይቅር። ፋርማሲው ከእሽጉ ቆርጦ ከሰጣችሁ፣ ማብቂያ ቀኑ የታተመበት ጫፍ እናንተ ጋር መቅረቱን እዩ። ካልቀረ ባለሙያው ቀኑን ፖስታው ላይ ይጻፍላችሁ፤ ይህን መጠየቅ መብታችሁ ነው።