ሴንት ጆንስ ዎርትን ከሰርትራሊን ጋር መውሰድ

«እናቴ ለድብርት ሰርትራሊን 50 ሚሊግራም በየጠዋቱ ትወስዳለች። ጓደኛዋ ከሱፐርማርኬት ሴንት ጆንስ ዎርት የሚባል የዕፅ ክኒን ገዝታ አምጥታላት ከትናንት ወዲያ ጀመረች። ከቅጠል የተሠራ ስለሆነ ችግር የለውም አይደል? አሜሪካ ነው ያለነው።»

ችግር አለው፣ እህቴ። የዕፁን ክኒን ከዛሬ ጀምሮ ይተዉት። ሰርትራሊኑን ግን በራሳቸው አያቋርጡ፤ በድንገት ሲቋረጥ ሌላ ጣጣ ያመጣል። ዛሬውኑ ለሐኪማቸው ወይም ለፋርማሲስታቸው ደውሉና ሁለቱን አብረው መውሰዳቸውን ንገሩ።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። የአንጎል ነርቭ ሴሮቶኒን የሚባለውን መልእክት አስተላላፊ ኬሚካል ከለቀቀ በኋላ መልሶ ወደ ውስጡ ይስበዋል። ሰርትራሊን የሚሠራው ሴሮቶኒኑን መልሶ የሚያስገባውን በር በመዝጋት ነው። በዕፁ (በሳይንስ ስሙ ሃይፔሪከም ፐርፎራተም) ውስጥ ሃይፐርፎሪን የሚባል ንጥረ ነገር አለ። እሱ በሩ ላይ አይቀመጥም፤ ወደ ነርቩ ውስጥ ሶዲየም እንዲገባ ያደርጋል። ያ በር የሚሠራው ደግሞ ከውጭና ከውስጥ ባለው የሶዲየም ልዩነት ስለሆነ፣ ልዩነቱ ሲጠብ ጉልበት ያጣል። መንገዳቸው ይለያይ እንጂ ሁለቱም ሴሮቶኒኑን ከነርቩ ውጭ ያከማቹታል፤ አደጋው ከመጠን በላይ ሲከማች ነው።

«ቅጠል ነው» የሚለው ነገር የሚያሳስተው እዚህ ላይ ነው። ዕፁ ለቀላልና ለመካከለኛ ድብርት በእርግጥ ይሠራል፤ ጀርመን ውስጥ ሐኪሞች ያዙታል። የተለመደው መጠን 300 ሚሊግራም በቀን ሦስት ጊዜ ነው፤ ብዙ ጠርሙስ ላይ የተጻፈውም ይኸው ነው። ስለዚህ እናትሽ ሐኪማቸው ሳያውቅ ሁለተኛ የድብርት መድኃኒት ጨምረዋል ማለት ነው።

አሁን ምን ትጠብቂያለሽ? እ.ኤ.አ. በ1999 የሕክምና መጽሔት ላይ የወጡ አምስት አረጋውያን ነበሩ። የድብርት መድኃኒት፣ አብዛኞቹም ሰርትራሊን እየወሰዱ ይህን ዕፅ ሲጨምሩ በጥቂት ቀናት ውስጥ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ ራስ ምታትና መረበሽ ጀመራቸው። ምልክቱ ጉንፋን ወይም ጭንቀት ይመስላል። ቤተሰብ «ድብርቱ ባሰባቸው» ብሎ አንድ ክኒን የሚጨምረው በዚህ ጊዜ ነው፤ የከፋው ስህተትም እሱ ነው።

ከጉንፋን የሚለየው እግር ላይ ይታያል። እናትሽን አስተኝተሽ ጉልበታቸውን ትንሽ አጠፍ አድርጊና የእግራቸውን መዳፍ ከሥር ይዘሽ በፍጥነት ወደ ላይ ግፊው፤ እዚያው ያዝ አድርጊ። ጤነኛ እግር ዝም ይላል። ሴሮቶኒን የበዛበት ሰው ቁርጭምጭሚት ግን በራሱ ጊዜ ወደ ታችና ወደ ላይ ደጋግሞ ይመታል። እግሩ ዝም ቢልም ግን በዚያ ብቻ አትረጋጊ፤ መጀመሪያ ላይ ላይታይ ይችላል። የእጅ መንቀጥቀጥ፣ ያለ ሙቀት ላብ ማጥለቅለቅ፣ ተቅማጥ፣ የዓይን ብሌን መስፋትና መቁነጥነጥ ተደራርበው ከመጡ የሚቀጥለውን ሰርትራሊንም ሳይወስዱ ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰጃቸው። ሰውነታቸው ካተኮሰ፣ እግራቸው ከገተረ ወይም ንግግራቸው ከተዘባረቀ 911 ደውይ። ትኩሳቱ የሚመጣው ከጡንቻ መወጠር ስለሆነ ታይለኖል አያበርደውም፤ እሱን እየሰጡ መጠበቅ ጊዜ ማባከን ነው። ምልክት ሳይኖር ለመጠየቅ ብቻ ከሆነ የመርዝ መረጃ ማዕከሉ 1-800-222-1222 ሌት ተቀን በነጻ ይመልሳል።

ስትሄጂ ጠርሙሱን ራሱን ይዘሽ ሂጂ። «ለስሜት» ተብለው ከሚሸጡት አንዳንዶቹ ከዕፁ ጋር ሌላ ሴሮቶኒን የሚጨምር ነገር ቀላቅለው ይይዛሉ፤ ይህ የሚታየው ከኋላ በትናንሽ ፊደል ነው። ትራማዶል የሚባለውን የሕመም ማስታገሻ ወይም ዴክስትሮሜቶርፋን ያለበት የሳል ሽሮፕ በዚህ ሳምንት ወስደው ከሆነም ተናገሪ፤ ሁለቱም እዚያው ላይ ይደመራሉ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ በእናትሽ ዕድሜ ብዙ ሰው ሌላ መድኃኒትም ስለሚወስድ ነው። ዕፁ በቀናት ውስጥ ጉበትንና አንጀትን ያነቃቃና ሌሎች መድኃኒቶች ቶሎ ከሰውነት እንዲወጡ ያደርጋል። ደም እንዳይረጋ የሚወሰደው ዋርፋሪን፣ የኮሌስትሮሉ ሲምቫስታቲንና የልቡ ዲጎክሲን በደም ውስጥ ይቀንሳሉ። ሁለት ቀን ብቻ ከሆነ ለውጡ ትንሽ ነው። ሳምንታት ወስደውት ቢሆን ኖሮ ግን ዕፁ ሲቆም ጉበቱ ወደ ቀድሞው የሚመለሰው ሁለት ሳምንት ያህል ወስዶ ነው፤ በዚያ መሃል የዋርፋሪኑ ኃይል እየጨመረ ስለሚሄድ ደም ሊያፈስ ይችላል። ዋርፋሪን የሚወስዱ ከሆነ አይ.ኤን.አር. የሚባለው የደም ምርመራ መቼ ይደገም እንደሆነ ለሐኪማቸው ስትደውይ ጠይቂ።