«የምስክር መጥሪያ ደረሰኝ፣ ምን ይጠብቀኛል?»፦ ጥያቄና መልስ

ጠበቃ ነኝ። አብዛኛው ሥራዬ በወንጀል ችሎት ላይ ስለሆነ ዛሬ የምመልሰው በወንጀል ጉዳይ ለመጀመሪያ ጊዜ ምስክር ሆነው ለሚቀርቡ ሰዎች ነው። ብዙ እውነተኛ ምስክሮች ያዩትን አስተካክለው መናገር ባለመቻላቸው ቃላቸው ሳይታመን ሲቀር አይቻለሁ። ያሳዝነኛልና ጠይቁኝ።

«22 ዓመቴ ነው። ሜክሲኮ አካባቢ አንድ ልጅ የሴት ሞባይል ነጥቆ ሲሮጥ አይቼ ለፖሊስ ቃል ሰጥቻለሁ። አሁን መጥሪያ መጣልኝ። ስደርስ መጀመሪያ ምን ይሆናል?»

እህቴ፣ መጥሪያሽ ላይ የመዝገብ ቁጥር፣ ችሎትና ሰዓት ተጽፏል። መታወቂያሽንና መጥሪያውን ይዘሽ ቀደም ብለሽ ድረሺ፤ ችሎቱ የት እንደሆነ ካላወቅሽ ሬጅስትራር ጠይቂ። የጠራሽ ዐቃቤ ሕጉ ስለሆነ መምጣትሽን ለእርሱ ንገሪው። ጉዳዩ ሲጀመር ምስክሮች ከችሎቱ ወጥተው ደጅ እንዲጠብቁ ይታዘዛል። አንዱ የሌላውን ቃል ሰምቶ እንዳይገባ ነው። ስለዚህ ደጅ ላይ ከሌሎቹ ምስክሮች ጋር «አንቺ ምን አየሽ?» እየተባባላችሁ አትጠብቁ። የተከሳሹ ጠበቃ ይህን ከሰማ መጀመሪያ የሚጠይቅሽ እርሱን ነው።

ስትጠሪ ስምሽን፣ ዕድሜሽን፣ ሥራሽንና አድራሻሽን ትናገሪያለሽ። ከተከሳሹ ጋር ዝምድና ወይም ጠብ እንዳለሽም ትጠየቂያለሽ። የሰፈርሽ ልጅ ከሆነና በመልክ የምታውቂው ከሆነ አትደብቂ። አስቀድሞ የተናገሩት ትውውቅ ጉዳት የለውም፤ በኋላ ጠበቃ ያወጣው ግን ቃልሽን ሁሉ ያጠራጥራል።

«እኔ አንድ ጊዜ ተጠርቼ አልሄድኩም፣ ምንም አልሆንኩም። ፖሊስ ራሱ ይዞ ያቀርባል እንጂ ቅጣት የሚባል ነገር የለም።»

ግማሹ ልክ ነው። መጥሪያ የደረሰው ምስክር ሲቀር ፍርድ ቤቱ ብዙ ጊዜ ፖሊስ ይዞ እንዲያቀርበው ያዝዛል። ነገር ግን ያለ በቂ ምክንያት መቅረት በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 448 ራሱን የቻለ ጥፋት ነው። እርስዎ ሳይቀጡ ማለፍዎ ሕጉ የለም ማለት አይደለም። ታመው ወይም ሐዘን ገጥሞዎት ከሆነ ከቀጠሮው ቀን በፊት ለዐቃቤ ሕጉ ወይም ለሬጅስትራሩ ያሳውቁ፤ የሐኪም ወረቀት ካለም ይላኩ።

«ሃይማኖቴ መማልን ይከለክላል። አልምልም ብል ያስሩኛል?»

አይታሰሩም። የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 136 ምስክር ከመናገሩ በፊት ይማላል ወይም እውነቱን እንደሚናገር ያረጋግጣል ይላል። የሚምለው ቀኝ እጁን አንሥቶ በእምነቱ ይምላል። እርስዎ ግን «እምነቴ መማል አይፈቅድልኝም፣ እውነቱን ለመናገር አረጋግጣለሁ» ብለው ለዳኛው ይንገሩ። ማረጋገጫውም እንደ መሐላው ያስጠይቃል፤ ሆን ብሎ በሐሰት የሚመሰክር በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 453 ይከሰሳል። ሰዓቱን መሳሳትና መዋሸት ግን ለየቅል ናቸው። የማያስታውሱትን «አላስታውስም» ማለትም ሙሉ መልስ ነው።

«የምፈራው የጠበቃውን ጥያቄ ነው። ያዋክበኛል ይሉኛል። (ያው የሜክሲኮዋ ነኝ)»

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። መጀመሪያ ዐቃቤ ሕጉ በዋና ጥያቄ ያስጀምርሻል። በዚህ ጊዜ መልሱን በአፍሽ እንዲያስገባ አይፈቀድለትም። «ይህ ልጅ ነው አይደል የነጠቀው?» ሳይሆን «ምን አየሽ?» ብሎ ይጠይቃል። ከዚያ የተከሳሹ ጠበቃ መስቀለኛ ጥያቄ ያቀርባል። እርሱ መልሱን በውስጡ የያዘ መሪ ጥያቄ መጠየቅ ይችላል፤ ዓላማውም በቃልሽ ውስጥ የተሳሳተውንና የሚያጠራጥረውን ማሳየት ነው። በመጨረሻ ዐቃቤ ሕጉ በመስቀለኛው የተነሣውን ለማብራራት ብቻ እንደገና ይጠይቅሻል። ዳኞች ግን በማንኛውም ጊዜ ይጠይቃሉ።

በአንቺ ጉዳይ የሚመጣውን ልገምት። በዋናው ጥያቄ «ይህ ልጅ ሞባይሉን ነጥቆ ሸጠው» ብለሻል እንበል። ጠበቃው ይነሣል።

«ሲሸጠው አይተሻል?» — አላየሁም፣ ሰዎች ሲሉ ሰምቼ ነው።
«ሰዓቱ ስንት ነበር?» — ወደ ምሽቱ 1 ሰዓት።
«ጨልሟል ማለት ነው። ምን ያህል ትርቂ ነበር?» — አሥር ሜትር።
«ለፖሊስ ሃያ ብለሻል፤ የቱ ነው እውነቱ?»

ጉዳቱ የደረሰው ርቀቱ ላይ ሳይሆን «ሸጠው» ያልሽው ላይ ነው። ያላየሽውን እንዳየሽ አድርገሽ ስለተናገርሽ አሁን ያየሽውም ይጠረጠራል። ገና ሲጀመር «ከሴትየዋ እጅ ነጥቆ ወደ ታች ሲሮጥ አየሁ፤ ከዚያ በኋላ ያለውን አላየሁም» ብትይ ኖሮ ጥያቄው አይነሣም ነበር። ርቀቱን በተመለከተ ሜትር የምትለኪ ሰው ካልሆንሽ ቁጥር አትስጪ። «እኔ የታክሲው በር ጋ ነበርኩ፣ እነርሱ ከሱቁ ፊት ለፊት» በይ፤ ወይም በችሎቱ ውስጥ ከቆምሽበት እስከ በሩ ነው ብለሽ አሳዪ። መብራት ከነበረም ከየት እንደሚያበራ ተናገሪ።

«ለመስቀለኛ ጥያቄ አዎ ወይም አይደለም ብቻ ነው የሚመለሰው፤ ማብራራት ክልክል ነው።»

አጭር መልስ ጥሩ ነው፤ ክልክል የሚባለው ግን ልክ አይደለም። «አዎ» ብቻ ብትል ዳኛው የሚሳሳት ከሆነ «አዎ፣ ነገር ግን…» ብለህ በአንድ ዐረፍተ ነገር ጨምር። ጠበቃው ቢያቋርጥህ ወደ ዳኛው ተመልክተህ «ክቡር ፍርድ ቤት፣ መልሴን አልጨረስኩም» ማለት ትችላለህ። አንደኛው ወገን ተቃውሞ ሲያነሣ ግን ዝም በልና ዳኛው እስኪወስን ጠብቅ።

«እኔ ስለ እናቴ ቤት ነው። ወንድሜ ክዶኛል፣ ሦስት ጎረቤቶች ምስክር አሉኝ። መቼ ነው ይዤአቸው የምመጣው?»

እናቴ፣ የእርስዎ የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ነው፤ መንገዱም ሌላ ነው። እዚያ የምስክሮቹ ዝርዝር ከክስ ማመልከቻው ጋር አብሮ መቅረብ አለበት። ዝም ብለው ይዘዋቸው ቢመጡ ላይሰሙልዎት ይችላሉ። ክሱን ገና ካላስገቡ አሁኑኑ ስማቸውንና አድራሻቸውን ይጻፉ።

«ፖሊስ ቤት ሲፈትሽ የደረጃ ምስክር ብሎ አስፈረመኝ። ሰውየው ሌባ መሆኑን አላውቅም። ምን ልበል?»

ሌባ መሆኑን ማንም አይጠይቅዎትም፤ ቢጠየቁም «አላውቅም» ይበሉ። የእርስዎ ቃል ፍተሻው ሲካሄድ የት ቆመው እንደነበር፣ ዕቃው ከየት ሲወጣ እንዳዩና የፈረሙት ወረቀት ላይ የተዘረዘረው ያዩት ዕቃ መሆኑን ነው። ዕቃው ከአልጋ ሥር ሲወጣ እርስዎ ደጅ ከነበሩ ያንኑ ይናገሩ። ፈርሜያለሁ ብሎ ያላዩትን መደገፍ ግዴታዎ አይደለም።

«ለፖሊስ የሰጠሁትን ቃል ከመግባቴ በፊት ማንበብ እችላለሁ?»

በወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 145 መሠረት ዐቃቤ ሕጉ ወይም ተከሳሹ ሲጠይቅ ፍርድ ቤቱ ያንን ቃል ሊመለከተው ይችላል፤ ተከሳሹም ቅጂው እንዲሰጠው ከታዘዘ የምስክሩን ተአማኒነት ለመንቀፍ ይጠቀምበታል። ምስክሩ አስቀድሞ ያንብበው ወይስ አያንብበው በሚለው ላይ ግን እኛ ጠበቆችም አንስማማም። አንዳንዱ ትዝታን ያስተካክላል ይላል። እኔ ሰው አንብቦ ሲገባ ያየውን ትቶ ወረቀቱን ይሸመድዳል ብዬ እፈራለሁ።

*የአንድ ሌላ ተሳታፊ አስተያየት፦* «እኔ አንብቤው ነው የገባሁት፤ ካላነበብኩ ቀኑን እንኳ እሳሳት ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ ነው የተጠራሁት።»

ሁለት ዓመት ካለፈ ነገሩ እንደሚከብድ አምናለሁ።

«የተከሳሹ ወንድሞች እኛ ሰፈር ናቸው። እፈራለሁ።»

ፍርሃትሽን ለዐቃቤ ሕጉ ከችሎቱ ቀን በፊት ንገሪው፤ ዛቻ ከደረሰብሽ ቀኑንና የተባልሽውን ጻፊ፣ ለፖሊስም አመልክቺ። ስለ ምስክሮች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 አለ፤ የታሰበው ግን ለከባድ ወንጀሎች ነው። ለሞባይል ንጥቂያ መዝገብ የሚሠራ መስሎ አይታየኝም፤ ይህን በውሸት ተስፋ ልሸፍንብሽ አልፈልግም። ችሎት ውስጥ ግን ወደ እነርሱ መመልከት የለብሽም። ማንም ቢጠይቅሽ መልስሽን ለዳኛው አድርጊ።

«ስለ አለባበስና አነጋገርስ?»

ንጹሕ ልብስ ይበቃል። ስልክ ይጠፋል፣ ማስቲካ ይተፋል፣ ዳኞች ሲገቡ ይቆማል። ቃልዎ ስለሚጻፍ ወይም በድምፅ ስለሚቀረጽ ራስዎን አይነቅንቁ፤ በቃል ይመልሱ፣ ቀስም ይበሉ። አማርኛ የሚቸግርዎት ከሆነ ከመጀመሩ በፊት አስተርጓሚ ይጠይቁ።

«የሜክሲኮዋ ነኝ። ዛሬ ሄጄ ነበር፤ ተከሳሹ ከማረሚያ ቤት ስላልቀረበ ቃሌ ሳይሰማ ተመለስኩ።»

ያጋጥማል፤ አዲሱን ቀን ከነመዝገብ ቁጥሩ ጽፈሽ ያዢ። ሌላ መጥሪያ አልመጣልኝም ብለሽ እንዳትቀሪ፤ ችሎት ውስጥ የተነገረሽ ቀጠሮ መጥሪያሽ ነው።